ጭራው ላይ የተጻፈው አገር

ማህደር አውሮፕላን ስታይ ዓይኗ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጭራው ነው። ምን ታድርግ፣ ለምዶባት! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ሬዲዮ ክፍል ተቀምጣ የመጣውንም የሄደውንም በጭራው ፊደል ስትመዘግብ የኖረች ሴት ናት። «ET» ካለ የተመዘገበው እኛው ዘንድ ነው። «5Y» ካለ ኬንያ፣ «ST» ካለ ሱዳን፣ «J2» ካለ ጅቡቲ። ሌላው ሰው የጎረቤቱን ከብት ከሩቅ እንደሚለይ እሷ ይኼን ትለያለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሰቆጣ መጥታ በአደጋ መከላከል ቢሮ ሬዲዮ ላይ ነው የምትሠራው። ስንት ኩንታል ስንዴ ገባ፣ ስንት ጀሪካን ዘይት ጎደለ እያለች ለአዲስ አበባ ታስተላልፋለች። የደብረ ታቦር ልጅ ናት፤ አገሬው በኻምጣኛ ሲያወራ ዝም ብላ ፈገግ ከማለት ሌላ አታውቅም።

ግንቦት 1992 ነው። ጦርነቱ እንደገና የተቀጣጠለበት ሳምንት ነው። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቢሮው ደጃፍ ቆማ ሳለች ከደቡብ በኩል የሚንገራገጭ ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል አንድ ባለሁለት ሞተር የጭነት አውሮፕላን፣ አንዱ ፕሮፔለሩ ቆሞ፣ ጥቁር ጭስ እየጎተተ፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው በላይዋ አለፈ። ጭራውን ለማንበብ የነበራት ጊዜ የዓይን ጥቅሻ ታህል ነበረች። እሷ ግን አነበበችው። «ER» ይላል፣ ሰረዝ አለው፣ ከዚያ ሦስት ፊደል። ሞልዶቫ፣ አለች በሆዷ። ወዲያው ክው ብላ ቀረች። ያንን ፊደል ሌላ ሰው ቢያነበው ምን ብሎ እንደሚያነበው ገባታ!

ወደ ውስጥ ገብታ ከመሳቢያው የድሮ ዝርዝሯን መዥርጣ አወጣች። የየአገሩ አውሮፕላን መለያ የተጻፈበት፣ በስልጠና ጊዜ የታደለቻት፣ ጠርዙ የተበላ ጥራዝ ናት። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ሮጠች። ሰው ሁሉ ወደ ታችኛው ሜዳ እየጎረፈ ነው። አንዱ መጥረቢያ፣ አንዱ ዱላ፣ አንዱ ክላሽ ይዟል። ባዶ እጁን የሚሮጥ አላየችም።

አውሮፕላኑ የፊት ጎማው ተሰብሮ፣ በአፍንጫው ተደፍቶ፣ አንድ ክንፉ የድንጋይ ካብ ውስጥ ተሰንቅሮ ቆሟል። ሲወርድ የታይቱን በሬ መትቶ ገድሎታል፤ ታይቱ እራሷን ይዛ ትጮኻለች። ባልቴት ናት፤ ከዚያ በሬ ሌላ አልነበራትም። ሕዝቡ ከሁለት መቶ ይበልጣል። ማህደር በክርኗ እየጠረገች ወደ መሐል ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ደም ነው። ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ወፍራሙ መካኒክ፣ ትከሻው በመጥረቢያ ተከፍቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ገና ከበሩ ሲወርድ ነው የመቱት። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ሰውየው ለማንም በማይገባ ቋንቋ ያቃስታል። አጠገቡ ሽበታሙ ካፒቴንና ረዳቱ እጃቸውን አንስተው ቆመዋል። አራተኛው አበሻ ነው። ሸሚዙ ተቀዶ፣ እጁ በራሱ ቀበቶ የፊጥኝ ታስሮ፣ ተንበርክኳል። ሰላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

ከእነሱ በላይ የቆመው የሚሊሻው አዛዥ ይስማው ነው። ይስማው በደህናው ቀን ደግ ሰው ነበር፣ መቼም እውነቱ ይነገር። ግን ልጁ ብርሃን ግንባር ላይ እንደሞተ አንድ የቆሰለ ጓደኛው መጥቶ የነገረው ባለፈው ዓርብ ነው። ዛሬ የመጣው ከለቅሶው ላይ ተነሥቶ ነው። ሦስት ቀን እንባ አልወጣውም አሉ። ክላሹን አቀባብሎ፣ ዓይኑ ፍም መስሎ፣ የካፒቴኑን ደረት ይመለከታል።

«አያ ይስማው! በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አይተኩሱ!» አለች ማህደር፣ ትንፋሿ ተቆርጦ።

«ዞር በይ፣ አንቺ ልጅ።»

«ምን አደረጉ?»

«ምን አደረጉ ትለኛለች!» አለ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። «ሻዕቢያ ናቸው። ሊደበድቡን መጥተው እግዜር ጣላቸው። እኔ የፈረንጅ ፊደል አላውቅም፤ መምህሩ አንብቦልናል።»

መምህሩ ደግሰው ነው። እንግሊዝኛ ያስተምራል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ዕውቀቱን ሰው ፊት ማውጣት የሚወድ ነው፣ አይ እሱ! አውሮፕላኑ እንደቆመ ቀድሞ ደርሶ፣ ጭራውን ቀና ብሎ አይቶ፣ «ኢ ቲ ኢትዮጵያ ነው፤ ኢ አር ደግሞ ኤርትራ ነው» ብሎ በሰው ሁሉ ፊት አወጀ። ደግሞ እኮ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የኛ አየር መንገድ ጭራ ላይ «ET» እንደሚጻፍ ሰቆጣም ያውቃል። ሻዕቢያ ነጭ አብራሪ እየቀጠረ ነው የሚል ወሬም በየጠላ ቤቱ ሲወራ ነው የከረመ። ነጭ መሆናቸው ሊያድናቸው ሲገባ ጭራሽ ማስረጃ ሆነባቸው።

«ደግሰው፣ ተሳስተሃል» አለች ማህደር። «ኢ አር ኤርትራ አይደለም፤ ሞልዶቫ ነው። የኤርትራ ኢ ፊደልና ቁጥር ሦስት ነው።»

«ሞል... ምን?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ፊደሉ ከአገሩ ስም ጋር የግድ አይገጥምም እኮ! ኬንያ በምን ይጀምራል? ንገረኝ ደግሰው፣ በምን?»

«በኬ» አለ ደግሰው፣ ፊቱ እየቀላ።

«የኬንያ አውሮፕላን አምስት ቁጥርና ዋይ ነው የሚጻፍበት። የጅቡቲ ጄ እና ሁለት ቁጥር ነው። ስም አይደለም፤ በዓለም ስምምነት ለየአገሩ የተደለደለ መለያ ነው። ደግሞ የጦር አውሮፕላን ቢሆን የአየር ኃይሉ ምልክትና ቁጥር እንጂ እንዲህ ያለ መለያ አይኖረውም ነበር። ይኼ የሲቪል አውሮፕላን ነው። ይኸው፣ ዝርዝሩ!»

ጥራዟን ዘረጋችለት። ደግሰው ተቀብሎ አገላበጠ። የአገሩ ሁሉ ስም በማተሚያ ተሰልፎ ወርዷል። ከዚያ ጣቱ ቆመ። ኤርትራም ሞልዶቫም በማተሚያው ውስጥ የሉም። ሁለቱም ጠርዙ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ናቸው።

«ይኼ የእጅ ጽሕፈት ነው» አለ።

«የኔ እጅ ነው። ጥራዙ የታተመ ጊዜ ሁለቱም አገር አልሆኑም ነበር። በኋላ መለያቸው በደብዳቤ ሲመጣልን እኔ ጨመርኋቸው።»

እውነቷን ነው። ግን እውነት ሲነገር እንዴት ያለ ውሸት ሊመስል እንደሚችል ያን ጊዜ ነው ያየችው። ሕዝቡ አጉረመረመ። «ጠዋት ጽፋው ነው የመጣች!» አለ አንዱ። አንድ ድንጋይ ከኋላ ተወርውሮ የረዳቱን ግንባር ፈነከተው፤ ልጁ ዝርር ብሎ ወደቀ። ድንጋይ የወረወረው ሰው «እሰይ!» ሲል ሰማችው። ይስማው የክላሹን አፈሙዝ ወደ ካፒቴኑ አቀና።

ማህደር መሐላቸው ገባች። ለምን እንደገባች ኋላ ሲጠይቋት ራሷም አታውቀውም፤ እግሬ ነው ያስገባኝ አለች። አፈሙዙ ደረቷ ላይ አረፈ።

«አያ ይስማው፣ አንድ ነገር ብቻ። አውሮፕላን የምዝገባ ወረቀቱን ሳይዝ አይነሣም፤ ሕግ ነው። የተመዘገበበት አገር ስም በግልጽ ይጻፍበታል። እዚያው ውስጥ አለ። ላምጣውና መምህሩ ራሱ ያንብበው። ኤርትራ ካለ እኔንም አብረው ይግደሉኝ።»

«ውስጡ ፈንጂ ነው የሞላው» አለ ይስማው። ሰዉም እስካሁን ወደ ውስጥ ያልገባው ይኼንኑ ፈርቶ ነው።

«እኔ ነኝ የምገባው፤ እርስዎ ምን ቸገረዎት?»

ይስማው አያት። ከዚያ በአገጩ ወደ በሩ አመለከታት።

ካፒቴኑን በእንግሊዝኛ ወረቀቱ የት እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው የሚያውቃት እንግሊዝኛ ትንሽ ናት፤ «ከወንበሬ ኋላ፣ ሰማያዊ ክላሰር» ለማለት ግን በቃችው። ገባች። ነዳጅ ይሸታል። ከግራው ሞተር አሁንም ጭስ እየገባ ዓይኗን ለበለባት። ፈንጂ የተባለው ብርድ ልብስና የብስኩት ካርቶን ነው፤ ለመቀሌ ተፈናቃዮች የተጫነ። ካርቶኑ ተንዶ መንገዱን ሞልቶታል፤ በላዩ ተንፏቅቃ አለፈች። ክላሰሩን አግኝታ ስትወጣ ጉልበቷ ተልጦ ነበር፤ አልታወቃትም።

ወረቀቱን አውጥታ ለደግሰው ሰጠችው። እንግዲህ አራት ሰው በዚህ ሰው አፍ ላይ ተንጠለጠለ። «አልነበብ አለኝ» ቢል ማንም አይጠይቀውም። ደግሰው ሁለቴ አነበበው፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ላብ በጆሮው ግንድ ወረደ።

«ሪፐብሊክ ኦፍ ሞልዶቫ ይላል» አለ በመጨረሻ። «የምዝገባ ሰርተፊኬት። መለያው ጭራው ላይ ያለው ራሱ ነው፤ ኢ አር፣ ሰረዝ፣ ኤ ቪ ኬ።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ተሳስቼ ነው። ሰዎች፣ እኔ ነኝ የተሳሳትሁ» አለ።

ይኼን ለማለት ወንድነት ይጠይቃል፤ ማህደር ልታቅፈው ምንም አልቀራት። ሰዉ ትንፋሹን ለቀቀ። መጥረቢያ የያዙት መጥረቢያቸውን መሬት አስነኩ። ያለቀ መሰላት።

ምኑ ያልቃል! አንዱ ሚሊሻ የካፒቴኑን ኪስ ፈትሾ ፓስፖርት አወጣና ለመምህሩ ወረወረለት። «ይኼስ ምን ይላል?»

ደግሰው ገለጠው። ፊቱ ጠቆረ። «ዩክሬን» አለ።

«ሌላ አገር ነው?»

«ሌላ አገር ነው።»

ይስማው እንደ አውሬ አጓራ። «አውሮፕላኑ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ! ታታልሉናላችሁ!» ብሎ ሰደፉን አዙሮ የካፒቴኑን አፍ መታው። የአጥንት ድምፅ ተሰማ። ሽማግሌው በጉልበቱ ወደቀና ሁለት ጥርስ ከደም ጋር በእጁ መዳፍ ላይ ተፋ። ደሙ በሽበቱ ላይ ወረደ። ሕዝቡ እንደገና ገፋ። አንዱ መካኒኩን የተከፈተ ትከሻው ላይ ረገጠው፤ መካኒኩ አንድ ጊዜ ጮኸና ራሱን ሳተ። «በላቸው! በላቸው!» ይላሉ። በኻምጣኛም ይጮኻሉ፣ በአማርኛም ይጮኻሉ፤ አሁን ትርጉም አላስፈለጋትም።

«ቆይ! ቆዩ!» አለች ማህደር ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ። «አያ ይስማው! ያ ስኳር የሚያመጣው አይሱዙ፣ በየሳምንቱ ሰቆጣ የሚገባው፣ ታርጋው የየት ነው?»

«ምን ትቀባጥራለች ይቺ?»

«የየት ነው ታርጋው?»

«የትግራይ ነው» አለ አንድ ልጅ እግር።

«ማን ነው የሚነዳው?»

«ምስጋናው።»

«ምስጋናው የየት ልጅ ነው?»

«የዚሁ የኛ፣ የጋዝጊብላ ነው፤ የወልደ ገብርኤል ልጅ!» አሉ ሦስት አራት ሰዎች ባንድ አፍ።

«ታዲያ ምስጋናው የትግራይ ሰው ነው? ታርጋው የትግራይ ስለሆነ?»

አንዲት ሴት ሳቀች። በዚያ ሁሉ ደም መሐል ሳቀች፣ ወይ ጉድ! ሳቁ ሁለት ሦስት ሰው ነካ። ማህደር አልለቀቀችም። «ታርጋው የመኪናው ነው እንጂ የሹፌሩ አይደለም። ይኼም እንደዚያው ነው። ጭራው የሚናገረው አውሮፕላኑ የተመዘገበበትን አገር ብቻ ነው። ውስጡ የተቀመጠው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ ጭራው አያውቅም፤ ሰውየውን አይናገርም። ሞልዶቫ የተመዘገበ አውሮፕላን የዩክሬን ሰው ቢያበረው ምን ይገርማል? ተቀጥሮ ነው። ምስጋናው እንደተቀጠረው!»

ዞረው እርስ በርስ ተያዩ። መኪናውን ያውቁታል፣ ምስጋናውን ያውቁታል፣ ታርጋውንም ያውቁታል። ይኼ የእስክሪብቶ ጽሕፈት አይደለም። ይስማው ክላሹን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ። «እውነቷን ነው» አለ። «ነጮቹን ልቀቋቸው። የቆሰለውን አንሡት፣ ክሊኒክ አድርሱት።»

ያው አገሬው እንዲህ ነው፤ ሊገድለው የነበረውን ሰው አሁን በጋቢ አንከብክቦ ተሸከመው። መካኒኩን አራት ሰው አነሣው። ለካፒቴኑ አንዷ ውሃ በቅል አቀረበችለት። ማህደር ጥራዟን ከደግሰው ተቀብላ ደረቷ ላይ ይዛ፣ «ተመስገን» አለች። ሦስቱ ተርፈዋል። አራተኛውን ማስፈታት እንዳለባት እንኳ ለአፍታ ረስታዋለች። ይኼንን ለራሷ ይቅር ብላ አታውቅም።

ይስማው ግን አልረሳም።

«ይኼስ?» አለ፣ ወደ ተንበረከከው አበሻ ዞሮ።

«እሱ ኢትዮጵያዊ ነው» አለች ማህደር። «የእርዳታው ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ጭነቱን ተረክቦ የሚያስረክብ።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከአውሮፕላኑ ጋር...» አለች።

«ከአውሮፕላኑ ጋር ምን? ጭራው ነገረሽ?» አለ ይስማው። አልጮኸም፤ ጭራሽ ድምፁ ለዘብ አለ። «አንቺው ነሽ ያልሽን። ጭራው ሰውየውን አይናገርም አልሽ። እኔም አመንሁሽ። ነጮቹን ለቀቅሁልሽ። አውሮፕላኑ ያገር ሆነ የሌላ፣ ይኼ ሰው ማን እንደሆነ አያስረዳኝም። ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

ልክ ነው። ምን ትበለው? ልክ ነው! ራሷ ሠርታ የሰጠችውን ቢላዋ ነው የያዘው።

ይስማው ሰውየው ፊት ቁጢጥ አለ። «ስምህ ማነው?»

«ገብረ አምላክ።» አማርኛው ደህና ነው፤ ግን ትግርኛው ከሥሩ ይሰማል።

«የየት አገር ሰው ነህ?»

«የመቀሌ።»

«ትግርኛህ የመቀሌ አይደለም» አለ ከሰዉ አንዱ፣ ከአበርገሌ በኩል የመጣ ነጋዴ። «እኔ መቀሌ ስመላለስ ነው የኖርሁ። የአስመራ ነው።»

«የት ተወለድህ?» አለ ይስማው።

ማህደር ሰውየውን በዓይኗ ለመነችው። መቀሌ በል፣ ዓድዋ በል፣ ያሻህን በል፣ ብቻ አስመራ አትበል! እሱ ግን የሚዋሽ ሰው አልነበረም፤ ወይም ፍርሃቱ መዋሸትን አስረስቶታል።

«አስመራ» አለ።

የሰዉ ድምፅ አንድ ላይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን የሰማው የለም። አባቴም እናቴም የትግራይ፣ የእንደርታ ሰዎች ናቸው፣ አስመራ ሄደው ወለዱኝ፣ ጦርነቱ ሲነሣ ኢትዮጵያዊ ናችሁ ብለው ያለ ዕቃችን አባረሩን ይላል። ማህደር አጠገቡ ስላለች ሰማችው። ሌላው ሰው «አስመራ» ላይ ጆሮውን ዘግቷል። አንዱ በዱላ ወገቡን አለው። ገብረ አምላክ በግንባሩ ተደፋ፤ አፈር እየተፋ ቀና አለና ማህደርን አያት።

«እህቴ፣ ጃኬቴ ውስጥ የሥራ መታወቂያዬ አለ። ከፊት፣ ከረዳቱ ወንበር ላይ። እሱን አምጪልኝ።»

«አያ ይስማው፣ መታወቂያው ውስጥ ነው። አመጣዋለሁ። እስክመለስ ይጠብቁኝ። በልጅዎ በብርሃን አምላክ!»

የልጁን ስም ስትጠራ የይስማው ፊት ተለዋወጠ። «ፍጠኚ» አለ። ብሏል፤ ይኼንን ደግሰውም ይመሰክራል።

እንዲያ ሮጣ አታውቅም። ካርቶኑ ላይ ወደቀች፣ ተነሣች፣ እንደገና ወደቀች። የረዳቱ ወንበር ላይ ጃኬት የለም፤ አውሮፕላኑ ሲደፋ ወደ ፊት ተወርውሮ መሪው ሥር ገብቷል። በጭሱ ውስጥ እየዳበሰች አገኘችው። የግራ ኪስ፣ ቁልፍ። የቀኝ ኪስ፣ መሐረብ። የውስጥ ኪስ። እጇ ጠንካራ ወረቀት ነካ።

ያን ጊዜ ተኩሱ ተሰማ። አንድ፣ ከዚያ ሁለት ተከታትሎ።

ስትወጣ ገብረ አምላክ በጎኑ ተኝቷል። እጁ አሁንም ከኋላው እንደታሰረ ነው። አንዱ ጥይት በአንገቱ ገብቷል፤ ደሙ ገና በትንሹ እየዘለለ ደረቁ መሬት ይጠጣዋል። ሁኔታውን የነገራት ደግሰው ነው፤ እንደ ሕፃን እያለቀሰ። አንዱ በድንጋይ ጆሮ ግንዱን ሲመታው፣ ሰውየው ሳያስበው በትግርኛ «ኣደየ!» ብሎ ጮኸ አለ። እናቱን መጥራቱ ነው። ይስማው ቃሉን ሲሰማ ተኮሰ። እሱም ሳያስበው ሳይሆን አይቀርም። ማን ያውቃል!

ማህደር አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ወደ ይስማው ሄዳ መታወቂያውን ዘረጋችለት።

«እኔ ምን አውቅበታለሁ» አለ ይስማው። የክላሹ አፍ አሁንም ይጨሳል።

«መምህር ያንብብልዎት። ኤርትራን ያነበበልዎት መምህር።»

ደግሰው አልችልም አለ። አነቀችው ማለት ይቻላል፤ ኮሌታውን ይዛ ወረቀቱን አፍንጫው ላይ ደቀነችበት። እያለቀሰ አነበበው። ስም፣ ገብረ አምላክ ወልደ ሐዋርያት። የሥራ ድርሻ፣ ጭነት አስረካቢ። ዜግነት፣ ኢትዮጵያዊ። በአደጋ ጊዜ ተጠሪ፣ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩሐረግ፣ መቀሌ።

ታይቱ፣ በሬዋ የሞተባት፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሬሳውን አለበሰችው። ሰዉ ከዳር ከዳር መበተን ጀመረ። ዱላ የያዘ ሁሉ ዱላውን ጥሎ ነው የሚሄደው፤ መንገዱ ዳር ዱላ ተከመረ። ይስማው ብቻ ባለበት ቀረ። ከዚያ ክላሹን በአፈሙዙ ይዞ፣ ማህደርን ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ከተማ ድረስ መጣ። እሷም ዞራ አላየችውም። ቢሮው ደጃፍ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ማህደር ሬዲዮውን ከፈተች። እጇ ደም ነው፤ የማን ደም እንደሆነ አታውቅም። አዲስ አበባ ወዲያው መለሰች፤ አውሮፕላኑ መቀሌ ሳይደርስ በመቅረቱ ጠዋቱን ሲፈለግ ነው የዋለ። የወዲያኛው ሰው በለመደው ዓይነት ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች።

«የአውሮፕላኑ መለያ?»

«ኤኮ ሮሚዮ፣ ሰረዝ፣ አልፋ ቪክተር ኪሎ» አለች፣ ፊደሎቹን በሬዲዮ ስማቸው እየጠራች።

«የተመዘገበበት አገር?»

«ሞልዶቫ።»

«ውስጡ የነበረ ሰው ብዛት?»

«አራት። ሦስቱ በሕይወት አሉ፤ አንዱ ክፉኛ ቆስሏል። አንድ ሟች።»

«ሟቹ የሞተው አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነው?»

«አይደለም። ካረፈ በኋላ ነው። ተገድሎ ነው።»

ሬዲዮው ተንሿሿ። «የሟች ዜግነት?»

«ኢትዮጵያዊ።»

«አልሰማሁሽም፤ ድገሚልኝ።»

«ኢትዮጵያዊ» አለች ከፍ አድርጋ።

«ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው። የሟች ዜግነት፣ አንዴ ድገሚልኝ።»

ማህደር ተነሥታ ቆመች፤ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸችው። በተከፈተው በር ወጥቶ ግቢው ሁሉ ሰማ። ደረጃው ላይ ይስማው ክላሹን ጣለና ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ፤ ከዓርብ ጀምሮ እምቢ ያለው ለቅሶ መጣለት። «ልጄን!» ይላል፣ «ልጄን!»፤ የትኛውን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ማህደር ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ ወዲያኛው «ተቀብያለሁ» እስኪላት ጠበቀችና የወይዘሮ ጥሩሐረግን አድራሻ ማስጻፍ ጀመረች።